ድርድር፣ ረድፍ ወይስ አሬይ? የአንድ የዳታ ስትራክቸር መማሪያ ትርጉም የሥራ ማስታወሻ፣ ባሕር ዳር

መስከረም መጨረሻ፦ መነሻ

ለዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት የሚሆን የዳታ ስትራክቸር መማሪያ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ምሳሌዎቹ በፓይተን የተጻፉ ናቸው። የመጽሐፉ ፈቃድ ክፍት ስለሆነ መተርጎምም ማባዛትም ይቻላል። ሦስት ነን። እኔ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ፣ አንዱ ጓደኛችን የአማርኛ መምህር ነው፣ ሦስተኛዋ ሶፍትዌር ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽምብጥ፣ መምህሩ ቤት እንገናኛለን።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ወስነናል። ኮዱ አይተረጎምም። `def`፣ `return`፣ `append`፣ `pop` እንዳሉ ይቀራሉ፤ ፓይተን ሌላ አይቀበልማ። የተለዋዋጮችን ስም ግን በፊደላችን እንጽፋለን፤ ፓይተን 3 ይህን ይፈቅዳል። ስለዚህ አንባቢው አማርኛውን ሲያነብ እንግሊዝኛው ከጎኑ ስክሪን ላይ ይኖራል። ይህ በኋላ ብዙ ቃል ወስኖልናል።

መጀመሪያ አዲስ ቃል አላወጣንም፤ ያለውን ሰበሰብን። ድምር፣ ቀሪ፣ ብዜት፣ አባል ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ መጡ። አቃፊ፣ የይለፍ ቃል፣ አሳሽ ከስልክና ከኮምፒውተር መጡ። ተማሪው የሚያውቀውን ቃል ትቶ ሌላ መፈልሰፍ ሥራን ማብዛት ነው።

ያልተወሰኑትን በሰንጠረዥ ያዝን። በእያንዳንዱ ረድፍ ቃሉ፣ ግሡ፣ አድራጊው፣ ተደራጊው፣ ብዙ ቁጥሩ፣ እና ቃሉ የገባበት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሩን ያስገባችው ሶፍትዌር ሠሪዋ ናት። «ቃሉ ብቻውን ሲቆም ሁሉም ያምራል፤ ሥራ ላይ እንየው» አለች። ከሰንጠረዡ ዓምዶች ሁሉ የጠቀመን ይኸኛው ነው።

ጥቅምት፦ ምዕራፍ 4፣ ድርድር ተሞከረ

በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ የእሴቶች ስብስብ አለ። በእንግሊዝኛ `array` የሚባለውን ይህን ስብስብ «ድርድር» አልነው። ከ«ደረደረ» የወጣ ነው፣ ለጆሮም ይመቻል። ምዕራፍ 4 በዚህ ቃል አለቀ።

ምዕራፍ 5 ላይ እሴቶችን ከትንሽ ወደ ትልቅ ማስቀመጥ ይመጣል። ለዚህ ማንም ሰው «ደረደረ» ነው የሚለው። መጽሐፍ በፊደል ተራ ይደረደራል፣ ፋይል በቀን ይደረደራል። ስለዚህ ረቂቁ እንዲህ ወጣ፦

«ያልተደረደረ ድርድር ሲሰጠን፣ ድርድሩን ለመደርደር ከሁለተኛው አባል እንጀምራለን።»

«ያልተደረደረ ድርድር» እርስ በርሱ ይጣላል። ያልተደረደረ ከሆነ እንዴት ድርድር ሆነ? አምስተኛ ገጽ ላይ ሲደርሱ የትኛው ስም፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ ይጠፋል። ሌላም አለ። ድርድር ሲባል ተማሪው ቀድሞ የሚሰማው የዜናውን ድርድር ነው። ይሄኛው ብቻውን ቢሆን አልፈነው ነበር፤ ብዙ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ይኖራል። ከግሡ ጋር መጋጨቱ ግን የሚታለፍ አይደለም።

መምህሩ «ረድፍ» አለ። ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ባለ ሁለት አቅጣጫው ሰንጠረዥ አለ። እዚያ ረድፍና ዓምድ ያስፈልጉናል፤ ተማሪውም ከሒሳብ ያውቃቸዋል። «የረድፉ 2ኛ ረድፍ» ብለን ልንጽፍ ነው? ወደቀ።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ሥሩን ማን ይውሰድ?

ክርክሩ ቅዳሜን አልፎ በስልክም ቀጠለ። መፍትሔው የመጣው ሰንጠረዡን ስናይ ነው። በድርደራው ረድፍ ዓምዶቹ ሁሉ ሞልተዋል፦ መደርደር፣ ድርደራ፣ ደርዳሪ፣ የተደረደረ፣ ያልተደረደረ። ምዕራፍ 5 ሁሉንም ይጠቀማል። በምዕራፍ 4ቱ ስብስብ ረድፍ ግን የግሥ ዓምዱ ባዶ ነው። ነገሩ ስም ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በዚያ ስም የሚደረግ ድርጊት የለም።

ስለዚህ ሥሩን ለሚረባበት ሰጠን። «ደረደረ» ለድርደራ ሆነ። ስም ብቻ የሚበቃው ነገር ደግሞ መዋስ ይችላል፣ «አሬይ» ሆነ። የተዋሰ ስም በአማርኛ አይቸገርም። አሬዩ፣ አሬዮች፣ በአሬዩ ውስጥ ይባላል። የተዋሰ ግሥ ነው የሚቸገረው። «ሶርት አደረገ» ማለት ይቻላል፤ ግን «ሶርት ያልተደረገው»፣ «ሶርት አድራጊው» እያልን አርባ ገጽ አንዘልቅም።

የፓይተኑ `list` «ዝርዝር» ተባለ። እዚህ ማንም አልተከራከረም።

አጻጻፉ ላይ ግን ቆምን። አሬይ፣ ኧሬይ፣ አራይ የሚሉ ሦስት ዓይነቶች በሦስታችን ረቂቅ ውስጥ ነበሩ። ተማሪዎች ሲናገሩ ያዳመጥነውን ወሰድን፤ አሬይ። የተዋሰ ቃል ሁሉ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይኖረዋል፣ እሱም ሰንጠረዡ ላይ ያለው ነው። ኮምፒውተር እንጂ ኮምፒዩተር አንልም። ሁለተኛው ስህተት ሆኖ አይደለም፤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ማውጫ ስላለው ነው።

ኅዳር አጋማሽ፦ የድሮውን ቃል ማጽዳት

ምዕራፍ 4 ውስጥ ያለውን «ድርድር» ሁሉ ማውጣት ነበረብን። በተራ ፍለጋ አይሆንም። ምክንያቱን በአማርኛ ጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ሁሉ እነግራለሁ። ቃሉ ሲረባ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። «ድርድር» ብለህ ስትፈልግ «ድርድሩ» እና «ድርድሮች» አይገኙም፤ ለኮምፒውተሩ ር፣ ሩ እና ሮ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከፊትም በ፣ ለ፣ የ ይለጠፋሉ።

ደግነቱ ዩኒኮድ ላይ የአንድ ፊደል ዘሮች ተከታትለው ነው የተቀመጡት። ከረ እስከ ሮ በአንድ ክልል ይያዛሉ፦

```python
import re
ጽሑፍ = open("ch04.md", encoding="utf-8").read()
for ቃል in re.findall(r"\w*ድርድ[ረ-ሮ]\w*", ጽሑፍ):
    print(ቃል)
```

ይህ በድርድሩ፣ የድርድሮች፣ ድርድራችን የሚሉትን ሁሉ ያወጣል። ድርደራን ግን አይነካም፤ እዚያ ሦስተኛው ፊደል ደ ነው። መተካቱን በእጅ ሠራነው። «ድርድሩ»ን በ«አሬዩ» መተካት ቀላል ነው፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ በቃሉ ዙሪያ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ቦታ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

በዚያው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት የሚቆጥር ስክሪፕት ሠራን። «ማህደረ» እና «ማኅደረ» ሁለቱም ነበሩ። «ሥር» እና «ስር» ደግሞ የከፋ ነው። የዛፍ ሥር በምዕራፍ 7 ቴክኒካዊ ቃል ነው። ስለዚህ ለዛፉ ሁልጊዜ «ሥር»፣ ለቦታ ደግሞ «ከታች» ብቻ እንጽፋለን።

ታኅሣሥ፦ ከተማሪዎች ጋር

ወጪ፦ ለአንድ ዙር 12 ገጽ በ8 ኮፒ፣ ገጹ በ4 ብር፣ 384 ብር። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ፊት ለፊት ካለ ማባዣ ቤት ነው። ተማሪዎቹ ሻይ ብቻ ነው የጠየቁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ገጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። እኛ የሚቆምበትን ቦታ እናሰምራለን። ከዚያ ገጹን ገልብጦ፣ አልጎሪዝሙን በራሱ አፍ ይነግረናል። የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ሲያነብ የማይቸገርበት ቃል ሲናገር ካልወጣው፣ ቃሉ ገና የእሱ አልሆነም።

ያነበቡት በማስገባት የሚደረግ ድርደራ ነው፤ ምሳሌው `[5, 2, 4, 1]`። የመጽሐፉ ቃል «አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ» የሚል ነበር። አንዲት የ2ኛ ዓመት ተማሪ ስትነግረን ግን «5ን አሸጋሽጋችሁ 2ን ታስገባላችሁ፣ ከዚያ 4ን ለማስገባት እንደገና 5ን ታሸጋሽጋላችሁ» አለች። ማሸጋሸግ! ሦስታችንም ያላሰብነው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቃል። በጠባብ ወንበር ላይ የምንለው ነው፤ ቅደም ተከተላቸውን ሳይለቁ ቦታ እንዲለቁ ማድረግ። የሁለት አባላትን ቦታ ማቀያየር ሌላ ነው፤ ያ «ማቀያየር» ነው። ሁለቱን በቃል መለየቱ ይጠቅማል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ድርደራን የሚሳሳተው ማሸጋሸግ ሲገባው ሲያቀያይር ነው። ጽሑፉ አሁን እንዲህ ይላል፦

«ያልተደረደረ አሬይ ሲሰጠን ከሁለተኛው አባል እንጀምራለን። 2 ከ5 ስለሚያንስ 5ን ወደ ቀኝ አሸጋሽገን 2ን በክፍተቱ እናስገባለን። የግራው ክፍል 2, 5 ሆኖ ተደረደረ። ቀጥሎ 4 ከ5 ስለሚያንስ 5 ይሸጋሸጋል፤ 4 ከ2 ስለሚበልጥ እዚያው ይገባል። በመጨረሻ 1 ከሁሉም ስለሚያንስ ሦስቱም ይሸጋሸጋሉ።»

በጠቅላላው አምስት ማሸጋሸግ። ተማሪው ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል።

ያልወጣላቸው ቃል «ተራ ቁጥር» ነው። የአባሉን ቦታ የሚናገረውን ቁጥር እንደዚያ ብለነው ነበር። አብዛኞቹ «ተራ ቁጥር 1» ሲሉ የመጀመሪያውን አባል ማለታቸው ነው። ልክ ናቸውም፤ በአማርኛ ተራ ቁጥር ከ1 ይጀምራል፣ የቀበሌም የትምህርት ቤትም መዝገብ እንደዚያ ነው። ፓይተን ግን ከ0 ይጀምራል። ቃላችን በእያንዳንዱ ገጽ ተማሪውን ወደ ስህተት ይገፋዋል ማለት ነው።

ቃሉን ትተን ምክንያቱን ጻፍን። ቁጥሩ ከመነሻው ያለውን ርቀት ነው የሚናገረው። አሬዩ በማኅደረ ትውስታ ከአድራሻ 1000 ቢጀምርና አንዱ አባል 4 ባይት ቢይዝ፣ የመጀመሪያው ከመነሻው 0 ርቀት ላይ ነው። ርቀቱ 3 የሆነው አባል 1000 + 3 × 4፣ ማለትም 1012 ላይ ነው። ዜሮው ከዚህ ይመጣል። ታዲያ ስሙን «ርቀት» እንበለው? አላልነውም። ተማሪው በመጀመሪያው ቀን የሚያየው ይህን ነው፦

```
>>> ዋጋ = [40, 55, 70]
>>> ዋጋ[3]
IndexError: list index out of range
```

ስክሪኑ ራሱ የሚጠራውን ቃል ተማሪው ማወቅ አለበት። ስለዚህ «ኢንዴክስ» ተዋስን፤ ፍቺውን በ«ርቀት» ሰጠን። ይህ ኋላ ላይ ልማድ ሆነን። የስህተት መልእክት ውስጥ የሚመጣ ስም ይዋሳል፣ ትርጓሜው ግን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ይሆናል።

ጥር፦ ፍለጋ

«አልጎሪዝሙ 7ን ይፈልጋል።» ምን ማለት ነው? 7 ያስፈልገዋል ወይስ 7ን እያሰሰ ነው? «ፈለገ» ሁለቱንም ይላል። ቀጥሎ «ፕሮግራሙ 8 ባይት ይፈልጋል» የሚል ነበረ፤ ያ ደግሞ በግልጽ ሌላኛው ነው።

«አሰሰ» እንበል ብዬ ነበር፤ ግን አሳሽ የድረ ገጽ መክፈቻው ሆኗል። ሶፍትዌር ሠሪዋ ቃሉን ሳይሆን ጎረቤቱን እንቀይር አለች። «ፈለገ» ለፍለጋ ይሁን፤ ለሌላኛው «ያስፈልገዋል» ብቻ እንጻፍ። ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ያነበቡ ተማሪዎች እዚህ ቦታ አልቆሙም።

የተደረደረ አሬይ ላይ እየከፈሉ የሚፈልጉበት ዘዴ ሌላ ጣጣ ነበረው። «የሁለትዮሽ ፍለጋ» ብለን ጽፈን ነበር። «የሁለትዮሽ» ሲባል ግን የሁለት አገሮች ግንኙነት ነው የሚታሰበው፤ ስለ ዘዴውም ምንም አይነግርም። መምህሩ የሚያውቃቸውን አንድ የቅኔ መምህር፣ መሪጌታን፣ ልንጠይቅ ሄድን። እኔ «ማጋመስ» ይዤ ነበር። ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። «መሀሉን ያያል፣ ግማሹን ይጥላል፣ የቀረውን እንደገና እንዲሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ማጋመስ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «መጽሐፉን አጋመስኩት ስትል እኩሌታው ላይ ደረስኩ ማለትህ ነው። ያንተው ግን ይቆርሳል። ገመሰ በል።»

«ገማሽ ፍለጋ» ሆነ። ስሙ ዘዴውን ስለሚናገር ማብራሪያው አጠረ። 1000 አባላት ያሉት አሬይ ሲገመስ 500፣ 250፣ 125 እያለ ይሄዳል፤ ቢበዛ 10 ጊዜ መሀሉን ማየት ይበቃል። ተማሪው «ስንት ጊዜ ይገመሳል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውም መልሱም ከቃሉ ይወጣል።

የካቲት፦ ቁልል፣ ሂፕ፣ ኮምፓይለር

መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት መዋቅር «ቁልል» ነው። በሌማት ላይ እንዳለ እንጀራ ነው፤ የሚነሳው የላይኛው ነው። ግሦቹ «መደረብ» እና «ማንሳት» ሆኑ። ለመደረቡ መጀመሪያ «መጫን» ብለን ነበር። መጫን ግን ሶፍትዌር መጫንም ነው፣ ቁልፍ መጫንም ነው፤ ሦስተኛ ሸክም አይችልም።

```python
ቁልል = []
ቁልል.append(3)   # 3ን መደረብ
ቁልል.append(7)   # 7ን መደረብ
ቁልል.pop()       # 7ን ማንሳት
```

የእንግሊዝኛው ምስል የግድ አይደለም ብለን ራሳችንን ያሳመንነው እዚህ ነው። አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1946 ባቀረበው የኮምፒውተር ንድፍ ይህንኑ ሥራ መቅበርና ከተቀበረበት ማውጣት ብሎታል። ጀርመኖች ምድር ቤት አሉት። እያንዳንዱ በመሰለው ምስል ነው የጠራው።

«ክምር» ግን አላለፈም። በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠሩ ሁለት የማይዛመዱ ነገሮች አሉ። አንዱ ፕሮግራም እየሠራ ቦታ የሚበደርበት የማኅደረ ትውስታ ክፍል ነው። ሌላው ትንሹ ሁልጊዜ አናት ላይ የሚቀመጥበት ዛፍ መሰል መዋቅር ነው። የጤፍ ክምር የሚያውቅ ተማሪ ክምር ሲባል ሥርዓት ያለው ነገር አይጠብቅም። መዋቅሩ ግን ጥቅሙ ሁሉ ከሥርዓቱ ነው። ስለዚህ መዋቅሩ «ሂፕ» ተባለ፤ ተማሪውም `heapq` የሚለውን ሞጁል ስለሚያስገባ ይተዋወቃሉ። የማኅደረ ትውስታው ክፍል «የብድር ቦታ» ሆነ። ሁለት ነገር፣ ሁለት ስም።

«አጠናቃሪ» ላይ መምህሩ በጣም ተከራክሯል። ከዚህ በፊት በሌሎች ጽሑፎች ኮምፓይለርን እንዲህ ሲሉት አይቷል፣ ቃሉም ያማረ ነው። ግን ሪፖርት የሚያጠናቅር ሰው የተበታተነ ነገር ሰብስቦ አንድ ያደርጋል። ኮምፓይለር ዛሬ የሚሠራው አንድን ቋንቋ ወደ ሌላ መመለስ ነው። የእንግሊዝኛው ስም የቀረው ከታሪክ ነው። ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 አካባቢ የሠራችው የመጀመሪያው ኮምፓይለር በእርግጥም ንዑስ ፕሮግራሞችን ከቴፕ እየሰበሰበ ያገጣጥም ነበር። እኛ ያንን ታሪክ ብንተረጉም ተማሪው የተሳሳተ ሥዕል ይይዛል። «ተርጓሚ» ደግሞ መስመር በመስመር እያነበበ ለሚያስፈጽመው አስፈልጎናል። ኮምፓይለር ተዋስን። መምህሩ አልተደሰተም፤ ሰንጠረዡ ላይ የእሱ አስተያየት ከነምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጣል።

መጋቢት፦ ገና ያልተዘጋ

ራሱን የሚጠራ ተግባር «ራስ ጠሪ» ተብሎ ምዕራፍ 6 ላይ በደንብ ሄደ። «ድግግሞሽ» ለ`for` እና ለ`while` ስለተያዘ ከዚያ መራቅ ነበረብን። ተማሪዎቹም ሲነግሩን «ተግባሩ ራሱን ይጠራል» ይላሉ፤ ቃሉ ከአፋቸው ይወጣል።

ችግሩ ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ዛፍ የሚተረጎመው በራሱ ነው፤ አንድ አንጓ፣ ከሱም በታች ሌሎች ዛፎች። እዚህ የሚጠራ የለም። «ራስ ጠሪ መዋቅር» ብንል ውሸት ይሆናል። ሁለቱን በሁለት ስም ብንለያይ ደግሞ ዋናው ነጥብ ይጠፋል፤ ዛፉ ላይ የሚሠራው ተግባር ራሱን የሚጠራው ዛፉ ራሱን ስለያዘ ነው። እስካሁን ሰንጠረዡ ላይ ያሉት «ራስ ያዥ» እና «ራስ አከል» ናቸው። የመጀመሪያው ከ«ራስ ጠሪ» ጋር ጥንድ ይሆናል፣ ዝምድናቸውም ይታያል። ሁለተኛውን መሪጌታ ይወዱታል፤ ተማሪ ግን ገና አላነበበውም።

የምዕራፍ 7 ገጾች በሁለቱም ቃላት ታትመዋል፣ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ፖሊ ግቢ ለሚገኙ ተማሪዎች ይሰጣሉ። ዛፉን በራሳቸው አፍ ሲነግሩን የሚወጣውን ቃል እንመዘግባለን።